የወረቀት እቁብ ዋስ

በማስተምርበት አምስተኛ ክፍል ውስጥ ሱቅ ከፍቼ ነበር። ሱቅ ስል እግሩ የተሰበረ ዴስክ፣ በላዩ የተዘረጋ አበባ አበባ የፕላስቲክ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ማስመሪያ፣ ደብተር፣ ሳሙና፣ ጥቂት ብስኩት ነው። በመስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ አንድ ሰማያዊ የብረት ኮዳ ነበር፤ ጠዋት በረዶ ቢገባበት እስከ እኩለ ቀን ውሃ ሳያሞቅ የሚይዝ ዓይነት። ታይዋን ከሚባለው የድሬዳዋ ገበያ የገዛነው መምህራን አዋጥተን ነው። የሱቁ ትልቅ ዕቃ እሱ ነበር።

ድሬዳዋ ላይ ያላደገ ሰው ኮዳው ለምን ትልቅ ዕቃ እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ልጆቹ ውሃ የሚይዙት ለስላሳ በተሸጠበት ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ከእረፍት በኋላ ያ ውሃ ሻይ ቅጠል ቢገባበት ይፈላል እላለሁ፤ ማጋነኔ ነው፣ ግን ብዙ አይደለም። ከቆርቆሮው ጣሪያ ስር አምሳ ልጅ ተቀምጦ ስለ ክፍልፋይ ሲሰማ፣ ግማሹ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ፣ ግማሹ ዓይኑ ኮዳው ላይ ነበር።

ሐሳቡ የእኔ አይደለም። ስለ ገንዘብ አያያዝ ስልጠና ወስደን ነበር። ስልጠና ላይ ብዙ ጊዜ የማገኘው ብስኩትና ወገብ ህመም ነው፤ ይሄኛው ግን አንድ የሚሰራ ነገር ነበረው። ልጆቹ በየሳምንቱ ሰኞ በወረቀት ገንዘብ ደሞዝ ይቀበላሉ፤ ክፍል ይጠርጋሉ፣ ሰሌዳ ያጠፋሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ደሞዙ የዚያ ነው። ሰኞ ዕለት ገንዘቡን በእቅድ ይከፋፍሉታል፤ አርብ ሱቁ ይከፈታል። ገንዘቡን ከባለቀለም ካርቶን ቆርጬ፣ የስሜን ማህተም መታሁበት። ልጆቹ ስም አወጡለት፤ «ድሬ» አሉት። አስር ድሬ፣ አምስት ድሬ፣ አንድ ድሬ።

ደሞዙ ለሁሉም እኩል ሃያ ድሬ ነው። ከዚያ ላይ አምስቱ የዴስክ ኪራይ ይከፈላል፤ ኪራይ ያስገባሁት ሰው ገንዘቡን እንደወደደው ከማውጣቱ በፊት የግድ የሚከፍለው ነገር እንዳለ እንዲያውቁ ብዬ ነው። ቢያንስ ሁለት ድሬ ለማካፈል፣ ቢያንስ አምስት ድሬ ለቁጠባ ይቀመጣል። የተረፈው ስምንት ድሬ በባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ እርሳስ ይገዛበታል፣ ብስኩት ይበላበታል፣ ወይም ቁጠባው ላይ ይጨመራል። እያንዳንዱ ልጅ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ሦስት ፖስታዎች አሉት፤ አንዱ ለቁጠባ፣ አንዱ ለማካፈል፣ አንዱ ለወጪ። የማካፈያው ገንዘብ አርብ አርብ ወደ አንድ የወተት ቆርቆሮ ይገባል። መጨረሻ ላይ በዚያ ከሱቁ ሳሙና ገዝተን ለአንደኛ ክፍል ልጆች የእጅ መታጠቢያ እንድንሰጥ ክፍሉ ራሱ ወስኗል። ኮዳው መቶ ሃያ ድሬ ነው። ተቆጥቦ እንጂ ተመኝቶ አይገኝም።

የመጀመሪያው ሳምንት ስልጠናው ላይ እንደተነገረን ሄደ። ማለት ግማሹ ልጅ አርብ ዕለት ብስኩት በልቶ ጨረሰ፣ ሰኞ እርሳስ የለኝም ብሎ አለቀሰ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ልጆቹ ጠንቀቅ አሉ። የቁጠባ ፖስታዎቹን ሳያቸው ግን በግራ በኩል ያሉት አስር ያህሉ ባዶ ናቸው።

«የእናንተ አምስት ድሬ የት ገባ?» አልኩ።

ተያዩ። ከፊት የሚቀመጥ፣ ድምፁ ከአካሉ የቀደመ ልጅ ተነሳ።

«ቲቸር፣ አቦ አትቆጪ። እቁብ ጀምረናል።»

ድሬዳዋ ላይ «እርስዎ» የሚባል ነገር ብዙም አይታወቅም። ልጅም፣ ነጋዴም፣ ባጃጅ ነጂም «አንቺ» ነው የሚለኝ። ከደጋ የተዘዋወሩ መምህራን በመጀመሪያው ወር ይናደዱና በሁለተኛው ይለምዱታል። እኔ እዚሁ ስለተወለድኩ፣ «እርስዎ» የሚለኝ ሰው ገንዘብ ሊበደረኝ ነው ብዬ ነው የምጠረጥረው።

እቁባቸውን አስረዱኝ። አስር ልጆች ናቸው። እያንዳንዳቸው ሰኞ ሰኞ አምስት ድሬ ይጥላሉ፤ ሃምሳው ለባለዕጣው ይሰጣል፤ አስር ሳምንት። ድምጹ የቀደመው ልጅ ዳኛ ነው። ዕጣው በተጣጠፈ ወረቀት ከአንድ ልጅ ኮፍያ ውስጥ ይወጣል። ዕጣ የደረሰው ገንዘቡን የሚቀበለው ዋስ ሲያቀርብ ነው፤ ዋሱ ደግሞ ገና ዕጣ ካልደረሳቸው መካከል መሆን አለበት። ባለዕጣው መክፈል ቢያቆም የሚከፍለው ዋሱ ነው፤ የዋሱ ዕጣም ነገሩ እስኪጣራ ወደ መጨረሻ ይገፋል። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራቸውም። እናቶቻቸው ቀፊራ ገበያ፣ አባቶቻቸው ሱቅና ጋራዥ ውስጥ ሲያደርጉት ያዩትን ነው። ስልጠናው ላይ ስለ እቁብ አንድ ቃል አልተነሳም።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብዬ ተረትኩባቸው፤ በዚያ ዕድሜ ተረት የሚሰማ የለም፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ። የእቁቡ አምስት ድሬ እንደ ቁጠባ እንዲቆጠር ፈቀድኩ።

ከእቁብተኞቹ መካከል ሁለት ሴት ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ ነበር። አንደኛዋ እናቷ ቀፊራ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ ናት። ቀጭን፣ ጥያቄ ሲጠየቅ እጇን ሳይሆን ጣቷን ብቻ የምታነሳ ልጅ። ኮዳውን ከማንም ይበልጥ የምትፈልገው እሷ ነበረች። ከትምህርት ቤት ወጥታ እስከ ምሽት ከእናቷ ጋር ገበያ ትቆማለች፤ እዚያ ያለው ጥላ አንድ ጃንጥላ ነው፣ ጃንጥላው ደግሞ ለቲማቲሙ ነው። ኮዳውን ለምን እንደሚፈልጉት ክፍሉን ስጠይቅ፣ ሌሎቹ «ያምራል» «ይዘጋል» ሲሉ፣ እሷ «እናቴ እንድትጠጣ» አለች። ስሌቷም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከእቁቡ ሃምሳ፣ በአስር ሳምንት ከሚተርፋት ደግሞ እርሳሷን ገዝታ ሰባ። ድፍን መቶ ሃያ።

ሁለተኛዋ የከባድ መኪና ሹፌር ልጅ ናት። አባቷ በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው የሚሰራው። ቤታቸው የሚነገረው ሶማልኛ ነው፤ ጓደኛዋ ቤት ኦሮምኛ። እርስ በርሳቸው በአማርኛ ያወራሉ፤ ሲጣሉ ግን እያንዳንዷ በየራሷ ቋንቋ ትሳደባለች፣ ሌላዋም በደንብ ይገባታል። የሹፌሩ ልጅ ሳቂታ ናት። ብስኩቷን ሁልጊዜ ለሁለት ሰብራ ትልቁን ትሰጣለች፤ ሒሳብ ላይ ግን እንዲያው ዝም ይሻላል።

በሁለተኛው ሰኞ ዕጣው ለሹፌሩ ልጅ ወጣ። ዳኛው ወረቀቱን ከፍቶ ስሟን ጠራና፣ «ዋስ?» አለ፤ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ። የቲማቲም ሻጯ ልጅ ጣቷን አነሳች። ዳኛው «እጅሽን በደንብ አንሺ፣ ዋስነት በጣት አይሆንም» አላት። እጇን አነሳች። ሃምሳዋን ድሬ ጓደኛዋ ተቀበለች፤ በፖስታዋ ከተተቻት፣ ምንም አልገዛችባትም።

በሦስተኛው ሰኞ ሁሉም ከፈሉ። በአራተኛው ሰኞ የሹፌሩ ልጅ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። ረቡዕ ዕለት ከሰፈሯ የሚመጣ አንድ ልጅ ወሬውን አመጣ፤ ቤቱ ተዘግቷል። አባቷ ቅዳሜ በመኪናው መጥቶ ዕቃቸውን ጭኖ ቤተሰቡን ደወሌ ወስዷል፤ ድንበሩ ጋ። ከዚያ ሆኖ ስራው ይቀርበዋል ተብሏል። ልጅቷ የግድግዳዋን ፖስታ አርብ ዕለት ወደ ቤት ወስዳው ነበር፤ ጠርዙ ተቀዶ ሙጫ ልትቀባው። ፖስታው ከነገንዘቡ አብሯት ሄዷል።

የወረቀት ገንዘብ ነው። ከዚያች ክፍል በር ውጭ፣ ከተሰበረው ዴስክና ከአበባ አበባው ጨርቅ ወዲያ፣ በመላ አገሪቱ አንድ መርፌ አይገዛም። እኔ እንዲህ ነው ያሰብኩት፤ እቁብተኞቹ ግን እንዲህ አላሰቡም። በእረፍት ሰዓት ጥላ ስር ተሰብስበው ስብሰባ ተቀመጡ። ጠጋ ብዬ ቆምኩ።

«በላችን» አለ አንዱ።

«ሌባ ናት» አለች ሌላዋ።

ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ አነሰ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የቀረው ሠላሳ አምስት ድሬ የዋሷ ዕዳ ነው። ልጁ ግን ክፉ አልነበረም። «ለዘጠኝ ብንካፈለውስ?» አለ። ሁለቱ ተስማሙ፤ ሦስቱ አንገራገሩ። አንዱ ደግሞ ከማካፈያው ቆርቆሮ ይከፈል አለ፤ ማካፈል ማለት ይሄ አይደል ወይ ብሎ። ይህኛው ሐሳብ አልጠላሁትም፤ ወዲያው ግን «የአንደኛ ክፍል ሳሙናስ?» የሚል ጩኸት ወደቀበት።

የቲማቲም ሻጯ ልጅ እስከዚያ አልተናገረችም ነበር። ከሁሉም አሳዛኟ እሷ ናት፤ ዕዳ ከሜዳ መጣባት። ስትናገር ግን ለቅሶ አልነበረባትም።

«እጄን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እኔ እከፍላለሁ።»

«ለዘጠኝ ይሻላል እኮ» አላት ዳኛው።

«ለዘጠኝ ከከፈላችሁ በላችን ትላላችሁ። እኔ ከከፈልኩ አልበላችም። የእኔና የእሷ ጉዳይ ነው።»

ደወል ተደወለ፣ ገቡ።

በዚያው ቀን ከክፍል ስንወጣ አስቀረኋት። በሐሳቤ ነገሩን አስተካክዬ ነበር። አስተማሪዋ እኔ ነኝ፣ ገንዘቡን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ማህተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሠላሳ አምስት ድሬ መቁረጥ የአምስት ደቂቃ ስራ ነው።

«ስሚ» አልኳት፣ «ይሄ እኮ ጨዋታ ነው። የእሷን ዕዳ እኔ እሰርዘዋለሁ።»

አየችኝ። «ጨዋታ ከሆነ የዴስክ ኪራይ ለምን ታስከፍይናለሽ?»

«እንድትማሩበት።»

«እና ይሄንንስ?»

መልስ ነበረኝ፤ ግን ረዥም ነበር፤ ሙቀቱም ረዥም መልስ የሚያስመርጥ አልነበረም። እንድትሄድ ነገርኳት።

ቅዳሜ ቲማቲም ልገዛ ቀፊራ ሄድኩ። አስቤበት አይደለም አልልም። እናትዮዋን አውቃታለሁ፤ ጉልበተኛ፣ ድምጿ ከሦስት ጉሊት በላይ የሚሰማ ሴት ናት። ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣ የበሰለውን ከጥሬው ትለይ ነበር። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ጠብቄ፣ ነገሩን ለእናትዮዋ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር።

«አቦ ቲቸር» አለችኝ ቲማቲሙን እየመዘነች፣ «አንቺ ደግሞ ወረቀቱን ለምን እንደ እውነት አስመሰልሽባት?»

«ትምህርት ነው።»

«ትምህርት ከሆነ ታዲያ ተማረች። ምን ላድርግልሽ?»

«አንቺ ብትነግሪያት ትሰማሻለች። እኔ ልሰርዘው ፈቃደኛ ነኝ፤ እሷ ናት እምቢ ያለችው። ኮዳው ያምልጣት ወይ?»

ሚዛኑ ላይ አንድ ቲማቲም ጨመረች፣ መልሳ አነሳችው። «እኔ ይቺን ቦታ የያዝኩት በእቁብ ነው። ዋስ የሆነችኝ ጎረቤቴ ናት። ለልጄ ዋስነት ቀልድ ነው ብዬ ልንገራት? ጎረቤቴ እዚያ ጋ ተቀምጣ ትሰማኛለች።» እውነትም ከጀርባዋ ሚጥሚጣ የምትሸጥ ሴት ተቀምጣ፣ ላለመስማት እየሞከረች በደንብ ትሰማ ነበር። «ኮዳው ያምልጣት። ውሃ እንደሆነ ሞቆም ውሃ ነው» አለች። ቀጥላ ግን፣ ዝቅ ብላ፣ «ስንት ነው የሚሸጠው በእውነተኛ ብር?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ ቲማቲሙን በፌስታል አሰረችልኝ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሳምንት በሳምንት ተመሳሳይ ነው። ሰኞ ሰኞ ልጅቷ ሃያ ድሬዋን ትቀበላለች። አምስት ለኪራይ፣ ሁለት ለማካፈል፣ አምስት ለራሷ እቁብ፣ አምስት ለጓደኛዋ እቁብ። ሦስት ይቀራታል። ዳኛው ስም ሲጠራ የሹፌሩን ልጅ ስም አልሰረዘም፤ ጠርቶ ይጠብቃል፤ ልጅቷ «አለ» ብላ አምስት ድሬ ታስቀምጣለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የሚያላግጥ ነበር። በኋላ ቀረ። «በላችን» የሚለውም ቃል ቀረ፤ ተከፍሎ እያዩ በላችን ማለት አይመችም። አጠገቧ ያለው ቦታ ባዶ ነበር፤ ሌላ ልጅ ላስቀምጥ ብዬ ሁለት ጊዜ አስቤ ሁለት ጊዜ ተውኩት። የባዶ ቦታውን ኪራይ ግን አላስከፈልኳትም፤ ያን ያህል እንኳ ልበ ቢስ አይደለሁም።

ኮዳውን የሚፈልግ ሌላ ልጅ ነበር። አባቱ ታይዋን ገበያ ሱቅ ያለው፣ እቁብ ያልገባ፣ ብስኩት ያልበላ፣ አርብ አርብ እጁን በኪሱ ከትቶ ሱቁን ጎብኝቶ የሚመለስ ልጅ። የተረፈውን ሁሉ በቁጠባ ፖስታው ላይ ይጨምር ነበር። በአስረኛው አርብ መጣና፣ «የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው?» አለኝ፤ ልማድ ሆኖበት። መቶ ሃያ አልኩት። «ለእኔም?» አለ። ለአንተም አልኩት። ቆጥሮ ከፈለ።

ልጅቷ በዚያው ሰኞ የመጨረሻው ዕጣ ደርሷት ሃምሳዋን ተቀብላለች። ያላት በሙሉ ሰማንያ አምስት ነበር። ዕዳው ባይኖርባት ኖሮ ከነጋዴው ልጅ ጋር እኩል ትደርስና በመካከላቸው ዕጣ እጥል ነበር። ያ ዕጣ እንኳ አልደረሳትም። ኮዳው ከመስኮቱ ደፍ ሲወርድ ከሁሉም በፊት ዓይኗን ያነሳችው እሷ ናት። አሳዘነችኝ፤ ግን ልጁም የሌላ ሰው ነገር አልወሰደም፤ ሕጉ እንደሚለው አጠራቅሞ ነው የገዛው። ስልጠናው ላይ ምሳሌ ቢፈልጉ እሱ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ በመጨረሻው አርብ፣ ሱቁ ለዘለዓለም ሊዘጋ ሲል፣ የነጋዴው ልጅ ኮዳውን በበረዶ ሞልቶ መጣ። የክፍሉ በር ላይ ቆመና በክዳኑ እየቀዳ መሸጥ ጀመረ፤ አንድ ክዳን አንድ ድሬ። ሰልፍ ሆነ። ልከለክል ፈልጌ ሳስበው፣ የጣሰው ሕግ አላገኘሁበትም። ልጅቷ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ አንድ ድሬ ሰጠች፣ ክዳኑን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ ጠጣች፣ ክዳኑን አራግፋ መለሰችለት። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ በቀረው ገንዘቧ ደብተርና እርሳስ ገዛች፤ የተረፋትንም የሳሙናው ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረች። እኔ የማካፈያውን ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ ሳሙናው ተገዛ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ። የተሰበሰበውን ድሬ በካርቶን አስሬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። ጨዋታው አለቀ።

የሹፌሩ ልጅ አባት የመጣው ካርድ በሚሰጥበት ቀን ነው። ወላጆች በረንዳው ላይ ተሰልፈው ነበር። ረዥም፣ ሽርጥ ያገለደመ ሰው ከሰልፉ ውጭ ቆሞ አየሁት። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ነው የመጣው፤ ቁልፉን በእጁ ያሽከረክራል። ማን እንደሆነ ነገረኝ። የመሸኛ ደብዳቤ ለመውሰድ መጥቷል፤ ልጅቷ ደወሌ ትምህርት ቤት ገብታለች። ቀጥሎ ከሸሚዝ ኪሱ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

«ቲቸር፣ ይሄ ምንድነው? ልጅቷ አላስቀምጥ አለችኝ። የሰው እቁብ ይዤ ነው የመጣሁት፣ ካላደረስክልኝ አልበላም አለች። እኔ እውነተኛ ብር መስሎኝ ደነገጥኩ። ስፈታው ካርቶን።»

ፌስታሉን ፈታሁት። የእኔ ማህተም ያለባቸው አምስት አምስት ድሬዎች ናቸው። ሮዝ አድርጌ ነበር የቆረጥኳቸው፤ አሁን ነጭ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም።

«መቼ ሰጠችህ?»

«ቆየ። እንደሄድን ሰሞን ነው። መኪናው መስታወት ስር አስቀምጬው ረሳሁት፤ ጸሐይ በላው። በዚህ ሦስት ጊዜ አልፌያለሁ ወላሂ፤ ጭነት ይዤ መቆም አልተመቸኝም። እና ይሄ ወረቀት ሦስት ጊዜ ጅቡቲ ደርሶ ተመልሷል» አለና ሳቀ።

አልሳቅሁም። ተናደድኩ። ሦስት ጊዜ በዚህች ከተማ ሲያልፍ፣ ከአስፋልቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር የባጃጅ መንገድ እንኳ አይደለም። ልናገረው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ሰውዬው ምን እንዳጠፋ ቢጠይቀኝ የካርቶን ቁራጭ ነው የማሳየው። ካርድ ልትወስድ ከእናቷ ጋር የመጣችውን የቲማቲም ሻጯን ልጅ ጠራኋት።

መጣች። ሹፌሩን አወቀችው። ፌስታሉን ሰጠኋትና ከየት እንደመጣ ነገርኳት። በረንዳው ላይ ተቀመጠችና ካርቶኖቹን በጉልበቷ ላይ አንድ በአንድ ደረደረች። እናቷ ከኋላዋ ቆማ አየች። የነጋዴው ልጅም ኮዳውን በትከሻው አንግቶ ጠጋ አለ። ዳኛውም መጣ፤ እቁብ የተነሳበት ቦታ አይቀርም።

«ሱቁ ተዘግቷል አይደል ቲቸር?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«ተዘግቷል።»

«እሺ።» ቆጠራዋን ቀጠለች። ጨርሳ እንደገና ቆጠረች። ከዚያ ተነስታ ለዳኛው አሳየችው። «ከፍላለች» አለችው።

ዳኛው ራሱ ቆጠረ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ከፍላለች» አለ፣ በረንዳው ሁሉ እንዲሰማ።

ፊቷን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ኮዳው ቢሰጣት እንደዚያ አትሆንም ነበር ብዬ ልጽፍ አልደፍርም፤ ኮዳውን አላገኘችም፣ ስለዚህ አላውቅም። ግን በዚያ ዓመት እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም ነበር። የማይገዛውን ገንዘብ አጣጥፋ በዩኒፎርሟ ኪስ ከተተች። ሹፌሩ ደብዳቤውን ተቀብሎ ሊሄድ ሲል ግን ተከትላው ወረደች።

«ቆይ» አለችው። ከኪሷ አንድ አምስት ድሬ አውጥታ ዘረጋችለት። «ይሄ ትርፍ ነው። አርባ ነው የላከችው፣ የነበረባት ሠላሳ አምስት ነው። ሦስተኛውን ሳምንት ከፍላ ነው የሄደችው፤ ረስታው ነው። መልስላት።»

ሰውዬው ካርቶኑን አገላብጦ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። የማይረባ ወረቀት ነው፣ ሱቁ የለም፣ ጣለው ልል እችል ነበር። እናትዮዋ ከበረንዳው እያየችኝ ነው።

«እንዳትረሳው» አለችው ልጅቷ። «መስታወቱ ስር እንዳታስቀምጠው።»

«ኢንሻላህ» አለ ሹፌሩ። አምስት ድሬዋን ከመንጃ ፈቃዱ ጋር በሸሚዝ ኪሱ ከተታትና ቁልፉን ይዞ ወደ መኪናው ሄደ።